የቀለም ታንክ ማጠቢያ ቅደም ተከተል፦ የምደባ ወሰኑ 102 ደቂቃ፣ እኛ የምንሠራው 124። ትክክለኛው የቱ ጋ ነው?

ቀለም_ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ቀለም ፋብሪካ ውስጥ በምርት ዕቅድ ክፍል ነው። አንድ ማደባለቂያ ታንክ አለን፣ በየሳምንቱ ስድስት ቀለም ይወጣበታል፤ ከዚያ ያው ዙር እንደገና ይጀመራል። ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ስንሻገር ታንኩ ይታጠባል፣ የማጠቢያው ጊዜ ደግሞ እንደ አቅጣጫው ይለያያል። ከነጭ ወደ ጥቁር ለመሄድ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል፤ ከጥቁር ወደ ነጭ ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል። በደቂቃ የለካነው ይኸው፣ መነሻው በግራ፣ መድረሻው ከላይ፦

```
      ነጭ  ቢጫ  ቀይ  አረ  ሰማ  ጥቁ
ነጭ    -    8   12   12   11   10
ቢጫ   20    -    9    7   14   12
ቀይ   40   30    -   28   22   10
አረ   36   24   26    -   10    9
ሰማ   38   34   25   14    -    9
ጥቁ   60   55   40   38   35    -
```

እስካሁን የምንከተለው ከነጣው ወደ ጠቆረው ነው፦ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ከዚያ ወደ ነጭ። ድምሩ 8+9+28+10+9+60 = 124 ደቂቃ ነው። ይህ የተጓዥ ነጋዴው ችግር መሆኑ ገብቶኛል። ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ፣ ከእያንዳንዱ ዓምድ አንድ ቁጥር እየመረጥኩ ትንሹን ድምር በሃንጋሪያን ዘዴ ስፈልግ 102 አገኘሁ። መልሱ ግን ዙር አይደለም፦ ነጭና ቢጫ እርስ በርስ ይመላለሳሉ፣ አረንጓዴና ሰማያዊም እንደዚሁ፣ ቀይና ጥቁርም እንደዚሁ። ሦስት የተለያዩ ትንንሽ ዙሮች ማለት ነው። ታንኩ አንድ ስለሆነ በዚህ መሥራት አይቻልም። 102 ለምን ይጠቅመኛል? ከዚያስ ወዴት ልሂድ?

ኮድ_ወዳጅ

102 የታች ወሰን ነው። ማንኛውም ሙሉ ዙር ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ፣ ከእያንዳንዱ ዓምድ አንድ ስለሚወስድ እሱ ራሱ ምደባ ነው፤ ስለዚህ ከትንሹ ምደባ ሊያንስ አይችልም። ለዚህ ግን ሃንጋሪያን ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ከየረድፉ ትንሹን ቀንስ፣ ከዚያ ከየዓምዱ ትንሹን ቀንስ፣ የቀነስከው ድምር ወሰኑ ነው። በእጅ በሁለት ደቂቃ ይሠራል።

ትንንሽ ዙሮቹን ለማጥፋት ደግሞ ከዙሮቹ አንዱን ወስደህ መስመሮቹን ዝጋቸውና እንደገና ፍታው። ለምሳሌ ነጭ→ቢጫ እና ቢጫ→ነጭን ከልክል። ሌላ ዙር ከመጣ እሱንም ዝጋ። አንድ ሙሉ ዙር እስኪወጣ ድረስ ቀጥል።

ሒሳብ_እና_ሥራ

የመጀመሪያው አንቀጽህ ልክ ነው፤ ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው።

መጀመሪያ ስለ ወሰኑ። ረድፍና ዓምድ መቀነስ ሕጋዊ ወሰን ይሰጣል፣ ግን ይደክማል። በዚህ ሰንጠረዥ የረድፎቹ ትንሾች 8፣ 7፣ 10፣ 9፣ 9 እና 35 ናቸው፣ ድምራቸው 78። ከዚያ ከነጭ ዓምድ 13፣ ከቀይ ዓምድ 2 ይቀነሳል፣ የተቀሩት ዓምዶች ዜሮ አላቸው። 93 ላይ ይቆማል። ሙሉው ምደባ 102 ይሰጣል። ልዩነቱ የመጣው ቀይም፣ አረንጓዴም፣ ሰማያዊም ወደ ጥቁር በርካሽ መሄድ ስለሚፈልጉ ነው፤ መቀነሱ ሦስቱንም እሺ ይላቸዋል፣ ምደባው ግን አንዱን ብቻ አስገብቶ ሌሎቹን ወደ ውድ መንገድ ይገፋል። በ1963 ሊትል፣ ሙርቲ፣ ስዊኒ እና ካሬል ባሳተሙት ዘዴ የሚሠራው በመቀነስ ነው፣ ለእጅ ስሌት የሚመች ስለሆነ። ከዚያ በፊት በ1958 ኢስትማን በመመረቂያ ጽሑፉ የተጠቀመው ሙሉውን ምደባ ነው። ኮምፒውተር እያለ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጠንካራ ወሰን ማለት የማይከፈት ቅርንጫፍ ማለት ነውና።

አሁን ስለ መከልከሉ። የአንድን ትንሽ ዙር መስመሮች በሙሉ በአንድ ጊዜ ከዘጋህ፣ ዙሩ እንዳይሆን ብቻ ሳይሆን ከመስመሮቹ አንዳቸውም ጥቅም ላይ እንዳይውሉ ታደርጋለህ። የሚፈለገው ግን ሁለቱ *አብረው* እንዳይገቡ ብቻ ነው። እዚሁ ሰንጠረዥ ላይ ቀጥዬ እንደማሳየው ምርጡ ዙር ነጭ→ቢጫን ይይዛል፣ ሌላው ጥሩ ዙር ቢጫ→ነጭን ይይዛል። ባልከው መንገድ ብንሄድ ሁለቱም ጠፍተው ነበር፤ ከዚያም ወዲያ የሚወጣው ዙር ትክክለኛ መስሎ ይታያል፣ ስህተቱን የሚነግርህ ነገር የለም።

ስለዚህ ነው ቅርንጫፍ የሚወጣው። እያንዳንዱ ሙሉ ዙር ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ይወድቃል፦

ሀ) ነጭ→ቢጫ አለ፣ ስለዚህ ቢጫ→ነጭ የለም።
ለ) ነጭ→ቢጫ የለም።

ሁለቱ አይደራረቡም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሁሉንም ሙሉ ዙር ይሸፍናሉ፣ የድሮው ባለ ሦስት ቁራጭ መልስ ደግሞ በአንዳቸውም ውስጥ የለም። ለየአንዳንዱ ምደባውን እንደገና ፍታ።

ቀለም_ክፍል

ፈታኋቸው። በፓይተን ነው የሠራሁት፣ ለሚፈልግ የ«ሀ» ቅርንጫፉ ኮድ ይኸው። ሰያፉን ማለቂያ በሌለው ቁጥር ሞልቼዋለሁ፤ ያለዚያ እያንዳንዱ ቀለም ለራሱ ተመድቦ ድምሩ ዜሮ ይሆን ነበር።

```python
import numpy as np
from scipy.optimize import linear_sum_assignment
X = np.inf
C = np.array([[X,8,12,12,11,10],
              [20,X,9,7,14,12],
              [40,30,X,28,22,10],
              [36,24,26,X,10,9],
              [38,34,25,14,X,9],
              [60,55,40,38,35,X]])
C[1,0] = X                  # ቢጫ→ነጭ የለም
C[0,2:] = X; C[2:,1] = X    # ነጭ→ቢጫ ግዴታ
r, c = linear_sum_assignment(C)
print(C[r, c].sum(), c)
```

በ«ለ» ቅርንጫፍ 115 ወጣ፣ ደግሞም ሙሉ ዙር ነው፦ ነጭ→ቀይ→ጥቁር→ሰማያዊ→አረንጓዴ→ቢጫ→ነጭ። በ«ሀ» ቅርንጫፍ 111 ወጣ፣ ግን እንደገና ተቆርጧል፦ ነጭ→ቢጫ→ቀይ→ጥቁር→ነጭ አንድ ዙር፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻቸውን ሌላ ዙር። በ115 መጠቀም እችላለሁ ማለት ነው?

ሒሳብ_እና_ሥራ

ትችላለህ፣ ከ124 ወርደሃል። ግን ምርጥ መሆኑ አልተረጋገጠም። «ለ» አብቅቷል፦ እዚያ ውስጥ ከ115 የሚያንስ ዙር የለም፣ ምክንያቱም ወሰኑ ራሱ ዙር ሆኖ ተገኝቷል። «ሀ» ግን 111 ይላል፤ በ111 እና በ115 መካከል የተደበቀ ዙር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ሀ»ን ክፈለው፣ በዚህኛው ጊዜ ትንሹን ዙር፣ ማለትም አረንጓዴና ሰማያዊን ይዘህ፦

ሀ1) አረንጓዴ→ሰማያዊ የለም።
ሀ2) አረንጓዴ→ሰማያዊ አለ፣ ሰማያዊ→አረንጓዴ የለም።

ነጭ→ቢጫ በሁለቱም ውስጥ ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል፣ እንዳትረሳው። ሁለት መስመር ያለው ዙር መረጥን እንጂ አራት መስመር ያለውን አልነካነውም፤ በእሱ ብንከፍል ነጭ→ቢጫ ቀድሞ ግዴታ ስለሆነ ሦስት ልጆች ይወለዱ ነበር። ልጅ ባነሰ ቁጥር ዛፉ ጠባብ ይሆናል።

ቀለም_ክፍል

ሀ1፦ 112። ነጭ→ቢጫ→ቀይ→ጥቁር→ሰማያዊ→አረንጓዴ→ነጭ። ሙሉ ዙር!
ሀ2፦ 113። ግን ነጭ→ቢጫ→አረንጓዴ→ሰማያዊ→ነጭ እና ቀይ ከጥቁር ጋር፣ አሁንም የተቆረጠ።

ሀ2ን ልክፈለው?

ሒሳብ_እና_ሥራ

አያስፈልግም። ሀ2 ውስጥ ያለ ማንኛውም ዙር ከ113 አያንስም፣ አንተ 112 ይዘሃል። «ለ» ደግሞ ከ115 አያንስም። ዛፉ ተዘጋ፣ 112 ምርጡ ነው። አምስት ምደባ ፈትተህ ነው የጨረስከው፤ የስድስት ቀለም ዙሮች በጠቅላላ 120 ናቸው።

አንድ የሚያስተምር ነገር ሀ2 ውስጥ አለ። በዚያው በ113 ሌላ ምደባ አለ፣ እሱ ሙሉ ዙር ነው፦ ነጭ→ቢጫ→ቀይ→ጥቁር→አረንጓዴ→ሰማያዊ→ነጭ፣ 8+9+10+38+10+38። ፈቺው ከሁለቱ እኩል መልሶች አንዱን ይሰጥሃል፣ የትኛውን እንደሚሰጥህ ግን አታዝበትም። ስለዚህ ምደባው ተቆርጦ ሲመጣ «በዚህ ዋጋ ዙር የለም» ብለህ አትደምድም። ወሰኑ ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ቅርጽ አይናገርም። በተለይ ብዙ እኩል ቁጥር ባለበት ሰንጠረዥ ይህ ዛፉን ያለ ጥቅም ያረዝመዋል።

ያሬድ_ዱባይ

እኔም ተመሳሳይ ነገር እየሠራሁ ነው፣ ግን ውጤቴ አያምርም። ዱባይ ውስጥ ለሱቆች ዕቃ የሚያደርስ መኪና አለን፣ ሠላሳ ገደማ ማቆሚያ። ርቀቱን በኪሎ ሜትር አስገብቼ ምደባውን ስፈታ ወሰኑ ሾፌሩ ከሚነዳው ግማሽ እንኳ አይደርስም። ሾፌሩ ያን ያህል ያባክናል ማለት ነው? አለቃዬ ይህን ቁጥር ካየ ሾፌሩን ይቆጣዋል።

ሒሳብ_እና_ሥራ

ያሬድ፣ እባክህ ቁጥሩን ለአለቃህ አታሳየው። ወሰኑ የሾፌሩን ብክነት አይለካም፤ የወሰኑን ድክመት ነው የምታየው።

ያንተ ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው። እንዲህ ሲሆን ምደባው ሁለት ጎረቤቶችን ያጣምርና ያመላልሳቸዋል፣ ርካሽ ስለሆነ። በአገር ቤት ከተሞች አስበው፦ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር። አዲስ አበባ ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባሕር ዳር ከጎንደር 180 ገደማ። ምደባው «አዲስ አበባና አዳማ ይመላለሱ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ይመላለሱ» ብሎ 560 ይልሃል። እውነተኛ ዙር ግን ከሸዋ ወደ ጣና አንድ ጊዜ መሄድ፣ አንድ ጊዜ መመለስ አለበት፤ የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መንገድ ብቻውን ከ450 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ዙሩ ከ1400 ያልፋል። ወሰኑ ያልከፈለው በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለውን ድልድይ ነው። ያንተም ሱቆች በሰፈር በሰፈር ተሰብስበው ከሆነ ያው ነው የደረሰብህ።

በቀለሙ ሰንጠረዥ ላይም የሆነው እሱ ነው፣ በትንሹ። ነጣ ያሉት አንድ ቤተሰብ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሌላ ቤተሰብ፣ ቀይና ጥቁር ሦስተኛ። ከ102 ወደ 112 ያለው አሥር ደቂቃ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ መሻገሪያ ነው። ግን እዚያ አቅጣጫው ስለሚለያይ መመላለስ ራሱ ውድ ነው፣ ከጥቁር ወደ ቀይ መመለስ 40 ያስከፍላል፤ ስለዚህ ወሰኑ ብዙም አልራቀም።

በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ለሆነ ርቀት ምደባውን ተውና ሄልድና ካርፕ በ1970 ባቀረቡት መንገድ ሂድ፣ ማቆሚያዎቹን በሚያገናኝ ዛፍ ላይ የተመሠረተ ወሰን ነው። ወይም በ1954 ዳንትዚግ፣ ፉልከርሰንና ጆንሰን በአሜሪካ ከተሞች ላይ እንዳደረጉት፣ ቅርንጫፍ ከማውጣት ይልቅ «በዚህ ስብስብና በቀሪው መካከል ቢያንስ ሁለት መስመር ይኑር» የሚል ገደብ እየጨመርክ ፍታ።

ያሬድ_ዱባይ

እግዜር ይስጥልኝ። መንገዶቻችን ግን ብዙዎቹ ባለ አንድ አቅጣጫ ናቸው፣ አንዳንዱ ማዞሪያ ሩቅ ነው። በኪሎ ሜትር ፋንታ የመንዳት ደቂቃ ባስገባ ይሻላል?

ሒሳብ_እና_ሥራ

ሊሻል ይችላል፣ ግን ብዙ አትጠብቅ። ሲሄድ 12 ሲመለስ 14 ቢሆን ጥንዶቹ አሁንም ርካሽ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ ምደባውን ፍታና በመልሱ ውስጥ ስንት ጥንድ እንዳለ ቁጠር። ማቆሚያዎቹ በአብዛኛው ሁለት ሁለት ሆነው ከተጣመሩ ዘዴው ላንተ ሰንጠረዥ አይሆንም፣ ዛፉ አያልቅልህም።

ኮድ_ወዳጅ

ወደ ዛፉ ልመለስ። ትንሹ ዙር ሦስት መስመር ካለው፣ a→b→c→a እንበል፣ ሦስት ልጆች እወልዳለሁ፤ በመጀመሪያው a→b የለም፣ በሁለተኛው b→c የለም፣ በሦስተኛው c→a የለም። ትክክል ነው? ይህ ሁሉንም ዙር ይሸፍናል።

ሒሳብ_እና_ሥራ

ይሸፍናል፣ መልሱም ትክክል ይወጣል። ግን ልጆቹ ይደራረባሉ። a→bንም b→cንም የማይጠቀም ዙር በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ውስጥ አለ፣ ከታች ሁለት ጊዜ ትፈልገዋለህ፣ በየደረጃው እየተባዛ። የሚሻለው እንዲህ ነው፦

```
1: a→b የለም
2: a→b አለ፣ b→c የለም
3: a→b አለ፣ b→c አለ፣ c→a የለም
```

አሁን እያንዳንዱ ዙር በአንድ ልጅ ውስጥ ብቻ ይገኛል። ካርፓኔቶና ቶት በ1980 የሠሩበት ይህ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ሦስተኛው ልጅ ብዙ ግዴታ ስላለበት ሰንጠረዡ ይጠብባል፣ ስሌቱም ይፈጥናል። ግዴታዎቹ ተቀጣጥለው መንገድ ሲሠሩ ደግሞ ከመንገዱ ጫፍ ወደ መነሻው የሚመልሰውን መስመር ወዲያው ዝጋ፣ ሁሉም ቀለም ካልገባ በቀር። ቀድመህ ያልዘጋኸው ነገር በሚቀጥለው ደረጃ ትንሽ ዙር ሆኖ ይመጣብሃል።

ኮድ_ወዳጅ

ገባኝ። የትኛውን ቅርንጫፍ ቀድሜ ልክፈት በሚለው ላይ ግን አልስማማም። አንተ ዝቅተኛ ወሰን ያለውን አስቀደምክ። እኔ ወደ ጥልቀት መውረድን እመርጣለሁ፤ ዙር ቶሎ ይገኛል፣ ማስታወሻም አይሞላም። ሰንጠረዡ ሲያድግ ያንተ ክፍት ቅርንጫፎች ዝርዝር ይፈነዳል።

ሒሳብ_እና_ሥራ

ለስድስት ቀለም ልዩነት የለውም። ለትልቅ ሰንጠረዥ ግን ወደ ጥልቀት ስትወርድ መጀመሪያ የያዝከው ዙር መጥፎ ከሆነ ማንም የማይፈልገውን ጫካ ታስሳለህ። ዝቅተኛ ወሰን ያለውን ካስቀደምክ ከምርጡ ዋጋ በላይ ወሰን ያለው ቅርንጫፍ ፈጽሞ አትከፍትም። እኔ ከመጀመሪያው ጥሩ ዙር በሌላ መንገድ ፈልጌ እጀምራለሁ፦ የተቆረጡትን ዙሮች በርካሹ መስመር መለዋወጥ ማያያዝ ይበቃል። ያ ካለ ክርክሩ ይረግባል።

ኮድ_ወዳጅ

ማስታወሻው ካለቀ ግን «ፈጽሞ አትከፍትም» ማለቱ አይረዳኝም። በዚህ እንለያይ።

ጋሽ_ታንከኛ

ልጆቼ፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ ቀለም ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት። 112 ያላችሁት ዙር ከአረንጓዴ በቀጥታ ወደ ነጭ ይሄዳል። በ36 ደቂቃ ታንኩ ታጥቦ ሊሆን ይችላል፣ ነጩ ግን ማታ ደርቆ ጠዋት ሲያዩት አረንጓዴ ጥላ ይኖረዋል። የታንኩ ክዳን ሥርና የመቅዘፊያው ዘንግ ላይ የሚቀረውን ሰዓት አይለካውም። እኛ ነጭ የምንሠራው ወይ ከቢጫ ቀጥሎ ነው፣ ወይ ደግሞ ከጥቁር በኋላ ታንኩ ተፈታትቶ በሙሉ ከታጠበ ነው። የአንድ ሰዓቱ ማጠቢያ እሱ ነው። ከቀይ፣ ከአረንጓዴ፣ ከሰማያዊ ወደ ነጭ በፍጹም አንሄድም። የእናንተ ሒሳብ ይህን ያውቃል?

ቀለም_ክፍል

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ የጥራት ክፍሉም ስለ ነጩ ጥላ ያማርራል። ታዲያ እነዚያን ሦስት መስመሮች ዘግቼ ከመጀመሪያው ልጀምር?

ሒሳብ_እና_ሥራ

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ይህን ከሰንጠረዡ ውስጥ ማንም አያገኘውም ነበር።

ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም። መስመር ሲዘጋ ወሰን ሊወጣ እንጂ ሊወርድ አይችልም፣ ስለዚህ ያለውን ዛፍ ይዘን እንቀጥል። በ«ለ» ያገኘነው የ115 ዙር ከተዘጉት ሦስት መስመሮች አንዱንም አይጠቀምም፤ ነጭ የሚመጣው ከቢጫ ነው። ስለዚህ እዚያ 115 እንዳለ ይቆያል። «ሀ» ላይ ቢጫ→ነጭ ስለተከለከለ ወደ ነጭ የቀረው በር ጥቁር ብቻ ነው። የ«ሀ» 111 ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄድ ስለነበር እሱም አይነካም። ሲከፈል ግን ይለወጣል፦ ሀ1 አሁን 122 ይሆናል፣ ሀ2 ደግሞ 120። ሁለቱም ከ115 ይበልጣሉ፣ ይዘጋሉ።

ስለዚህ በጋሼ ሕግ ምርጡ 115 ነው፦ ነጭ→ቀይ→ጥቁር→ሰማያዊ→አረንጓዴ→ቢጫ→ነጭ። ሕጉ የሚያስከፍለው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። የሀ2ው 120 ደግሞ ዙር ሆኖ ይመጣል፦ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ከነጣው ወደ ጠቆረው የሚሄደው ልማድ፣ ቀይን ከቦታው አንስቶ ከጥቁር በፊት በማስቀመጥ ብቻ፣ ከ124 ወደ 120 ይወርዳል ማለት ነው።

ጋሽ_ታንከኛ

ጥቁሩን መሀል አስገብታችሁ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ፣ በቢጫ እያጠባችሁ ወደ ነጭ መመለሳችሁ ደስ ብሎኛል። ቀለም በቀለም ይታጠባል። ነገር ግን ከጥቁር ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ ጠቆር ያለው ዓይነት ይሁን፤ የሰማይ ዓይነቱ ሰማያዊ ከሆነ 35 ደቂቃው አይበቃም። ደግሞ ማጠቢያውን የለካው ማን ነው? የጠዋቱ ፈረቃና የማታው ፈረቃ እኩል አያጥቡም።

ቀለም_ክፍል

ጠቆር ያለው ነው ጋሼ። ልኬቱ የጠዋቱ ፈረቃ ብቻ ነው።

ሒሳብ_እና_ሥራ

ይህ ከባድ ነጥብ ነው። በ115ና በ120 መካከል ያለው አምስት ደቂቃ ነው፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር በስድስት ቢሳሳት ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል። ሁሉንም 30 ቁጥር እንደገና መለካት የለብህም። ሁለቱ ዙሮች የሚለያዩበትን ብቻ ለካ። ቀይ→ጥቁር በሁለቱም ስላለ ልዩነት አያመጣም፣ ተወው። በ115ቱ ዙር ትልቁ ጥቁር→ሰማያዊ ነው፣ በ120ው ትልቁ ጥቁር→ነጭ። ከእነዚህ ሁለቱ ጀምር፣ በሁለቱም ፈረቃ።

ቀለም_ክፍል

እሺ፣ አስለካለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ነጭ ብዙ ስለሚሸጥ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሊወጣ ነው። ሁለት ነጭ እንዴት አስገባለሁ?

ኮድ_ወዳጅ

ረድፉንና ዓምዱን ቅዳው፣ ሰባት በሰባት ይሆናል። በሁለቱ ነጮች መካከል ያለውን ዝጋ፣ ካልሆነ ተከታትለው ይመጣሉ።

ሒሳብ_እና_ሥራ

ቅጂው ይሠራል። ግን ሁለቱ ነጮች አንድ ዓይነት ስለሆኑ እያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ስማቸውን ብቻ ተለዋውጠው፤ ዛፉም ሁለቱንም ወገን ያስሳል። በተጨማሪ በጋሼ ሕግ ወደ ነጭ የሚያስገባው ቢጫና ጥቁር ብቻ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ነጭ ከቢጫ፣ ሌላው ከጥቁር መምጣት ይገደዳል፣ የአንድ ሰዓቱ ማጠቢያም አይቀርም። ቢጫንም ሁለት ጊዜ ማውጣት ከተቻለ ነገሩ ሌላ ነው። ቢጫ በሳምንት ሁለቴ ይሸጣል?

ቀለም_ክፍል

የሽያጭ ክፍሉን ጠይቄ እመለሳለሁ።

ጋሽ_ታንከኛ

ቢጫው ሁለቴ ባይሸጥም ግማሽ ግማሹን ማውጣት ይቻላል። ግማሽ ታንክ ግን መቅዘፊያው በደንብ አያደባልቀውም፣ ከሁለት ሦስተኛ በታች እንዳትወርዱ።